የቤት ሥራ ማስጠኛ በድሬዳዋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከትምህርት ቤት መልስ የሰፈር ልጆችን በቤታቸው ሰብስበው ለማስጠናት የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ። ከከዚራ ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ በረንዳ ላይ፣ ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ሳስጠና ዓመታት ተቆጥረዋል፤ መልሶቼም በዋናነት ለእነዚህ ክፍሎች የሚሆኑ ናቸው። ለ8ኛ ወይም ለ12ኛ ክፍል ፈተና ማዘጋጀት ሌላ ሥራ ስለሆነ እዚህ አላነሳውም።

ቤት ለቤት እየዞርኩ ባስጠና ይሻላል ወይስ ልጆቹን በቤቴ ልሰብስብ?

ቤት ለቤት የሚያስጠና ሰው ከአንድ ልጅ የሚያገኘው ክፍያ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ ከሰዓቱ ብዙው በመንገድ ላይ ያልቃል፤ ከሳቢያን ወደ ገንደ ቆሬ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ከዚራ በባጃጅ ሲመላለስ ከገቢው የሚቀነሰውም ቀላል አይደለም። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። አስጠኚው አጠገቡ ተቀምጦ የሚጠብቀው ልጅ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ቀና ብሎ የአስጠኚውን ፊት ማየት ይለምዳል፤ ፊቱ ፈገግ ካለ ይቀጥላል፣ ካልሆነ ላጲሱን ያነሳል። በቡድን የሚያጠና ልጅ ግን አስጠኚው ወደ እርሱ እስኪዞር ድረስ ብቻውን መሞከር ግድ ይሆንበታል፤ የቤት ሥራ ዓላማም ይኸው ነው።

ስለዚህ ጥላ ያለው በረንዳ ወይም ነፋስ የሚገባበት ክፍል ካለዎት በቤትዎ ይጀምሩ። ከሌሎች ጋር ሲቀመጥ ፈጽሞ መረጋጋት የማይችል ልጅ ካጋጠመዎት እርሱን ብቻ ለተወሰኑ ሳምንታት በቤቱ ማስጠናት ይቻላል።

ስንት ልጆች ልቀበል?

ስድስት። ለብቻዎ የሚሠሩ ከሆነ ከስምንት አይለፉ። ምክንያቱ የሰዓት ስሌት ነው፦ ለቤት ሥራ ከተመደበው 45 ደቂቃ ውስጥ ለስድስት ልጆች ሲከፋፈል ለአንዱ ሰባት ደቂቃ ያህል ይደርሰዋል፤ በሰባት ደቂቃ አንድ ልጅ የተሳሳተበትን ቦታ ማግኘትና አንድ ጥያቄ አብሮ መሥራት ይቻላል። አሥራ ሁለት ልጆች ሲሆኑ ለአንዱ የሚደርሰው አራት ደቂቃ እንኳ ስለማይሞላ አስጠኚው ማረም እንጂ ማስረዳት አይችልም፤ ሥራውም ቀስ በቀስ ልጆች የሚጠበቁበት ቦታ ወደ መሆን ይለወጣል።

ክፍላቸው መቀራረብ ይኖርበታል። የ2ኛ ክፍል ልጅ ፊደል እየለየ፣ የ7ኛ ክፍል ልጅ አጠገቡ አልጀብራ ሲሠራ የአስጠኚው አእምሮ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ከአንድ ትምህርት ቤት የመጡ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ቢኖሩ ግን በእጅጉ ይረዳል፤ አንዱ የቤት ሥራውን ሳይገለብጥ ቢመጣ ከሌላው ደብተር ላይ ይገኛል።

በድሬዳዋ ሙቀትና በፈረቃ ትምህርት ምክንያት ሰዓቱን እንዴት ልመድበው?

በከተማችን እኩለ ቀን ላይ ልጅን ደብተር ላይ ማስቀመጥ ውጤት የለውም። በጠዋት ፈረቃ የሚማር ልጅ ምሳ በልቶ፣ ጥቂት ተኝቶ፣ ፊቱን ታጥቦ ከ10 ሰዓት በኋላ ቢመጣ ይሻላል። የእኔ ሰዓት ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ ልጆቹ ሳይመሽ ቤታቸው ይደርሳሉ፣ መብራት ቢጠፋም የቀኑ ብርሃን ስለሚበቃ ጥናቱ አይቋረጥም። በከሰዓት ፈረቃ ለሚማሩት የሚሆነው ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ሁለቱን ቡድኖች አለመቀላቀል ይመረጣል።

ዘጠናው ደቂቃ እንዲህ ይከፈላል። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ልጆቹ ውኃ ይጠጣሉ፣ ደብተራቸውን አውጥተው የዕለቱን የቤት ሥራ ያሳያሉ። ቀጥሎ ያለው 20 ደቂቃ ከቤት ሥራው ጋር የማይገናኝ፣ እያንዳንዱ ልጅ ወደኋላ በቀረበት ነገር ላይ የሚሠራበት ጊዜ ነው። 45 ደቂቃ ለቤት ሥራ፣ የመጨረሻው 15 ደቂቃ ደግሞ ጮክ ብሎ ለማንበብና ዕቃ ለመሰብሰብ ነው። ሃያው ደቂቃ ከቤት ሥራው በፊት መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። የቤት ሥራውን የጨረሰ ልጅ በልቡ ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ነገር አይገባውም።

በረመዳን ሰዓቱን ከወላጆች ጋር ተነጋግሮ ማሻሻል ያስፈልጋል። አፍጥር ሲቃረብ ቤቱ ሁሉ ሥራ ላይ ስለሚሆን ልጆቹን ከ11 ሰዓት በፊት መልቀቅ ይገባል፤ ለሚጾሙት ትልልቅ ልጆችም ከባዱን የሒሳብ ሥራ ቀንሶ ንባብ ማብዛቱ ይሻላል።

አዲስ የመጣ ልጅ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ በምን ልወቅ?

የሴሚስተር ውጤቱን አይመኑ፤ የወላጁንም ቃል ብቻውን አይውሰዱ። «ንባብ ትችላለች፣ ሒሳብ ብቻ ነው የሚያስቸግራት» ተብላ የመጣች አንዲት የ3ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። የአማርኛ መጽሐፏን ሰጠኋትና ከመሃል አንድ ምንባብ እንድታነብ ጠየቅኋት፤ ያለ አንድ ስህተት፣ በዜማ አነበበችው። ነገር ግን ገጹን ስትጨርስ ዓይኖቿ ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ነበሩ። ክፍል ውስጥ በጋራ እየተነበበ ሲደጋገም ምንባቡን በቃሏ ይዛዋለች እንጂ እያነበበች አልነበረም።

ይህ በጣም የተለመደ ነገር ስለሆነ ለማንኛውም አዲስ ልጅ የማደርገውን ልንገራችሁ። አንድ ወፍራም ወረቀት ወስጄ በመሃሉ አንድ ፊደል ብቻ የሚያሳይ ቀዳዳ እቆርጣለሁ። ወረቀቱን በገጹ ላይ አድርጌ ከመስመሩ መጨረሻ ወደ መጀመሪያው እየጎተትኩ ልጁ የሚታየውን ፊደል እንዲጠራ አደርጋለሁ። በዚህ መንገድ በቃል የተያዘ ነገር ምንም አይረዳም። ያቺ ልጅ «ሎ» ላይ ስትደርስ ዝም አለች፤ ከዚያም በለሆሳስ «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ…» እያለች በጣቶቿ ቆጥራ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ «ሎ!» አለች። ችግሩ ያኔ ግልጽ ሆነልኝ። ፊደልን የምታውቀው እንደ መዝሙር ነው፤ ከመዝሙሩ መሃል አንዱን ነጥሎ ማውጣት ግን አትችልም። እንዲህ ያለ ልጅ የሒሳብ የቃል ጥያቄ የሚያቅተው ሒሳቡ ከብዶት ሳይሆን ጥያቄውን ማንበብ ስላልቻለ ነው።

ለሒሳብ ደግሞ አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ አንድ ባለ ሁለት አኃዝ መደመር፣ አንድ መበደር የሌለበት መቀነስ፣ አንድ መበደር ያለበት መቀነስ፣ በመጨረሻም በመሃሉ ዜሮ ያለበት መቀነስ። ልጁ የት ላይ እንደሚቆም ይመዝግቡ። መልሱ ስህተት ሲሆን ላጲስ እንዳይጠቀም ይንገሩት፤ የተሳሳተው መልስ አስፈላጊ ማስረጃ ነውና።

ፊደልን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅን እንዴት ላስተካክለው?

ሁላችንም ፊደልን የተማርነው ወደ ጎን፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ነው። ለዚህ ልጅ ግን ወደ ታች ማስነበብ ያስፈልጋል፤ ማለትም ካዕብን ብቻ ለይቶ ሉ፣ ሱ፣ ቡ፣ ኩ፤ ሣልስን ብቻ ለይቶ ሊ፣ ሲ፣ ቢ፣ ኪ። እንዲህ ሲሆን ልጁ ምልክቱን ያያል። ሁለት እግር ባላቸው እንደ ለ፣ ሰ፣ በ እና ከ ባሉት ፊደላት ካዕቡ በቀኝ በኩል መሃል ላይ ቅጥያ አለው፤ ሣልሱ ቅጥያው ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ራብዑ ቀኝ እግሩ ይረዝማል፤ ኃምሱ በእግሩ ላይ ቀለበት አለው። ልጁ ይህን በራሱ ዓይን ሲያገኘው የሚሰማውን ደስታ ማየት ደስ ይላል። እንደ ረ እና ፈ ያሉት ከዚህ ሥርዓት ስለሚወጡ ለብቻቸው ዘግይተው ይሰጣሉ፤ ሳድስና ሳብዕም ከፊደል ፊደል ቅርጻቸው ስለሚለያይ መጨረሻ ላይ ይሁኑ። በቀን አንድ ዓምድ ከበቂ በላይ ነው።

ያቺ ልጅ ይህን በኅዳር መጀመሪያ ጀመረች፤ ከሃያው ደቂቃ ውስጥ አሥሩ ለፊደል ነበር። ገና ሲደርስ በቀዳዳዋ ወረቀት የሚታየውን ሁሉ ሳትቆጥር ትጠራ ነበር፤ ቃል ማንበቧ ግን ገና የተቆራረጠ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ አስጠኚ የሚስተው አንድ ነገር አለ። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል ተለይቶ አይታይም፤ «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ስለዚህ ልጁ ቃሉን በትክክል ፊደል በፊደል ጠርቶት ትርጉሙ ላይገባው ይችላል። መፍትሔው አረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ካነበበ በኋላ ተመልሶ ልክ ሰው እንደሚናገረው እንዲለው ማድረግ ነው። «እንዴት ነው እማዬ የምትለው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ወዲያው ያስተካክሉታል።

ልጁ የቤት ሥራውን ሲያቅተው ልሥራለት? ወላጆች ደብተሩ ሙሉ ሆኖ ማየት ይፈልጋሉ።

አይሥሩለት። የእርስዎን እጅ ጽሑፍ ወይም የእርስዎን መልስ የያዘ ደብተር መምህሩን ያሳስተዋል፤ መምህሩ ልጁ ገብቶታል ብሎ ወደሚቀጥለው ርዕስ ይሄዳል፣ ልጁም በፈተና ቀን ብቻውን ይቀራል። ለወላጆች ይህን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፦ ከአሥር ጥያቄ ስድስቱ በልጁ ተሠርቶ አራቱ ባዶ ቢሆን፣ ባዶዎቹ አጠገብ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አደርጋለሁ፤ ነጥቡም «ሞክረናል፣ ገና ነው» ማለት ነው።

ማገዝ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የ4ኛ ክፍል ልጅ 403 ሲቀነስ 178 የሚል ጥያቄ ነበረው፤ መልሱንም 375 ብሎ ጻፈ። ይህ መልስ በግምት የመጣ አይደለም። ልጁ በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ ከትልቁ ትንሹን ቀንሷል፦ ከ8 ላይ 3 ሲቀነስ 5፣ ከ7 ላይ 0 ሲቀነስ 7፣ ከ4 ላይ 1 ሲቀነስ 3። ያለ አንድ ስህተት የተሠራ የተሳሳተ ሥራ ነው። «እንደገና ሥራው» ቢባል ያንኑ 375 ደግሞ ያመጣል፤ «ተሳስተሃል» ቢባል ደግሞ የቱ ጋ እንደሆነ አያውቅም።

ለዚህ የማዘጋጃቸው በወረቀት የተቆረጡ ብሮች አሉኝ፤ ባለ መቶ፣ ባለ አሥርና ባለ አንድ። ለልጁ አራት ባለ መቶና ሦስት ባለ አንድ ሰጠሁትና «ለባለ ሱቁ 178 ብር ክፈል» አልኩት። ስምንት ነጠላ ብር ፈለገ፤ ያለው ሦስት ብቻ ነው። ባለ አሥር ዘርዝሮ ለማምጣት አሰበ፤ ባለ አሥር ግን የለውም። እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዱን መቶ አንስቶ «ይህን ዘርዝሪልኝ» አለኝ። አሥር ባለ አሥር ሰጠሁት፤ ከእነርሱም አንዱን መልሶ አሥር ነጠላ ወሰደ። አሁን በእጁ ሦስት መቶ፣ ዘጠኝ አሥርና አሥራ ሦስት ነጠላ አለ። ከ13 ላይ 8 ከፍሎ 5፣ ከ9 ላይ 7 ከፍሎ 2፣ ከ3 ላይ 1 ከፍሎ 2 ቀረው፤ 225። «አቦ ቲቸር፣ ዜሮው ዘጠኝ የሚሆነው ለዚህ ነው እንዴ!» አለ። ክፍል ውስጥ «ዜሮው ዘጠኝ ይሆናል» ተብሎ ሰምቶ ነበር፤ ለምን እንደሚሆን ግን እስከዚያ ቀን አላወቀም ነበር።

በብሩ ከሠራ በኋላ ያንኑ ጥያቄ በደብተሩ ላይ በቁጥር እንዲጽፈው አደርጋለሁ፤ በማግሥቱ ደግሞ 502 ሲቀነስ 267 ዓይነት አንድ ጥያቄ ብቻ እሰጠዋለሁ። መልሱ 235 ከሆነ ብሩ ይቀመጣል። 365 ካመጣ ግን የቀድሞው ልማድ ስለተመለሰ እንደገና ብሩ ይወጣል። ልጁ መገንዘቡን የምናውቀው በማግሥቱ ነው፤ በዕለቱ የሚሠራው ከእኛ ያየውን ነው።

ትዕግሥተኛ ነኝ፣ ልጆችም ይወዱኛል። ይህ ብቻውን ይበቃል?

ትዕግሥት የግድ ነው፤ ነገር ግን ትዕግሥተኛ ሰው የሚወድቅባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው አንድ ልጅ ጋ ተቀምጦ መቅረት ነው። የሚያለቅስ ወይም የሚቸገር ልጅ ሲያጋጥመው ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ይቀመጣል፤ ዝምተኞቹ አምስት ልጆች በዚያ ጊዜ ያለ ጠያቂ ይቀራሉ። እኔ ለዚህ ሰዓቴን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ሰባት ደቂቃ ሲሞላ ለልጁ አንድ ትንሽ ሥራ ትቼለት እነሳለሁ።

ሁለተኛው የማያስፈልግ ጥበቃ ነው። የሚያስብ ልጅና የቆመ ልጅ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። የሚያስበው ልጅ ግን ከንፈሩ ወይም ጣቱ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኑ ከወረቀቱ አይነሳም፤ እርሱን መናገር ማቋረጥ ነው። የቆመው ልጅ እርሳሱን ይዞ ሌላ ቦታ ያያል፣ ርዕሱን በሚያምር ጽሑፍ ደጋግሞ ያደምቃል፣ እርሳሱን ሦስት ጊዜ ይቀርጻል። እርሱን መጠበቅ ደግሞ መተው ነው። ለቆመው ልጅ መልሱን ሳይሆን የመጀመሪያውን እርምጃ በጥያቄ መልክ ይስጡት፦ «ጥያቄው ምን ስጠኝ ነው የሚልህ?»

ልጁ በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚናገር ቢሆንስ?

በድሬዳዋ ይህ የየዕለቱ ነገር ነው፤ በሐረር ደግሞ በጁገል ውስጥ ሐረሪኛ ይጨመርበታል። ልጁ ሒሳቡን በቤቱ ቋንቋ ቢቆጥር አይከልክሉት። ጥያቄውን በአማርኛ ያንብብ፣ ምን እንደሚል በቤቱ ቋንቋ ለጓደኛው ይንገር፣ መልሱን በአማርኛ ይጻፍ። እርስዎ ቋንቋውን ባይችሉ እንኳ ሌላው ልጅ «ልክ አላለም» ብሎ ይነግርዎታል።

አንዳንድ ስህተቶች ከቋንቋው የሚመጡ ናቸው። በሶማልኛ ጠ እና ጨ ስለሌሉ፣ አፉን በሶማልኛ የፈታ ልጅ «ጠረጴዛ»ን በ«ተ» ቢጀምር የፊደል ችግር አይደለም፤ ጆሮው ገና አልለየውም። መጀመሪያ ጥንድ ቃላትን እየጠሩ ጆሮውን ማለማመድ፣ ከዚያ ወደ መጻፍ መሄድ ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚያደናግረው የላቲን ፊደል ነው። ኦሮምኛም ሶማልኛም በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ ድምፁ ግን አንድ አይደለም። ኤክስ በቁቤ «ጠ» ነው፣ በሶማልኛ የዐረብኛውን «ሐ» ድምፅ ይወክላል፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ «ክስ» ይባላል። ሲ በቁቤ «ጨ» ነው፣ በሶማልኛ የዐረብኛው ዐይን ነው፣ በእንግሊዝኛ አንዴ «ክ» አንዴ «ስ» ይሆናል። አንድ ልጅ በእንግሊዝኛ ደብተሩ ላይ ድመት የሚለውን ቃል «ጫት» ብሎ ቢያነብብዎ አይገረሙ፤ በቁቤ ሕግ ትክክል ነው ያነበበው። «በኦሮምኛ ልክ ነህ፣ በእንግሊዝኛ ግን ይህ ፊደል ሌላ ድምፅ አለው» ሲባል ልጁ ያውቀው የነበረውን አይጠራጠርም። ሦስቱን ድምፆች በአንድ ወረቀት ላይ በሦስት ቀለም ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብዙ ድካም ያቀላል።

ክፍያውን እንዴት ልተምን?

ዋጋው ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ ቁጥር አልሰጥም፤ ስሌቱን ግን ላሳይ። ለምሳሌ ከስድስት ልጆች በወር 600 ብር ቢቀበሉ 3,600 ብር ይሆናል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ማስጠናት በአራት ሳምንት 30 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ላይ ለዝግጅትና ለማረም በቀን ግማሽ ሰዓት ይጨመርና 40 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ለወረቀት፣ ለእርሳስና ለመጠጥ ውኃ የሚወጣው ሳይቀነስ በሰዓት 90 ብር ማለት ነው። ይህን የሰዓት ሒሳብ ሠርተው ከመወሰንዎ በፊት ለማንም ዋጋ አይናገሩ፤ አንዴ የተነገረ ዋጋ በዓመቱ መሃል መለወጥ ጎረቤትን ያስቀይማል።

ክፍያው ወር ሲገባ ይሁን። ልጁ በራሱ ምክንያት የቀረበት ቀን እንደማይቀነስ፣ እርስዎ የቀሩበት ቀን ግን በሌላ ቀን እንደሚካካስ አስቀድመው ይስማሙ። ሥራው ከጥቂት የጎረቤት ልጆች አልፎ የሚያድግ ከሆነ ፈቃድና ግብር የሚመለከተውን ከቀበሌዎ ጀምረው ይጠይቁ።

ስለ ልጆቹ ደኅንነት ምን ላድርግ?

ማን እንደሚያመጣና ማን እንደሚወስድ በደብተር ላይ በስም ይመዝገብ። ሌላ ሰው ሊወስድ ከመጣ፣ ልጁ «አውቀዋለሁ፣ አጎቴ ነው» ቢልም፣ ለወላጁ ሳይደወል አይሰጥም። ልጆቹ በባጃጅ የሚመላለሱ ከሆነ ባለ ባጃጁ ከበሩ ድረስ ይምጣ፤ መንገድ ማዶ ቆሞ አይጥራቸው። በክረምት ደመና ከበላይ ሲታይና ደቻቱ ሊሞላ ይችላል ሲባል ወንዙን ተሻግረው የሚሄዱ ልጆች አስቀድመው ይለቀቁ፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደረሰውን ጎርፍ የሚያስታውስ የድሬ ሰው ለምን እንደምል ያውቃል። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከተራራው ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል።

ማስጠናቱ የሚካሄደው በር ተከፍቶ፣ ከግቢው በሚታይ ቦታ ነው። ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ውስጥ መቀመጥ በምንም ምክንያት አይገባም፤ ልጁንም እርስዎንም ይጠብቃል።

ለወላጅ ምን ልንገር፣ መቼስ ለውጥ ይታያል?

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ዓርብ ዕለት፣ በልጁ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፦ በዚህ ሳምንት ብቻውን የቻለውን አንድ ነገርና አሁንም የሚያስቸግረውን አንድ ነገር። «ጎበዝ ነው» ወይም «ይረብሻል» አልጽፍም። «ካዕብና ሣልስን ትለያለች፤ ኃምስ ላይ ትቆማለች» የሚለው ግን እናት ማታ እንጀራ እየጋገረች እንኳ ልትጠይቀው የምትችለው ነገር ነው። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ልጁ ራሱ እንዲያነብለት አደርጋለሁ፤ ንባቡም ልምምድ ይሆናል።

ለውጡ መጀመሪያ የሚታየው በውጤት ካርድ ላይ አይደለም። ልጁ ሲመጣ ደብተሩን ሳይጠየቅ ማውጣት ይጀምራል፤ የቤት ሥራውን ሳይገለብጥ የሚመጣባቸው ቀናት ይቀንሳሉ። የፊደል ክፍተት ያለበት ልጅ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል፤ በየካቲት የመጣ ልጅ በሰኔ ፈተና ትልቅ ለውጥ እንዲያሳይ ለወላጁ ቃል አይግቡ። ያቺ የ3ኛ ክፍል ልጅ በአንደኛው ሴሚስተር የሒሳብ ውጤቷ ምንም አልጨመረም ነበር፤ እናቷም ልታስቀራት አስባ ነበር። በዚያ ሳምንት ዓርብ ማስታወሻውን ራሷ ለእናቷ አነበበችላት፤ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ ቀስ ብላ፣ ሳትዘምር። እናቷ እስከ ሰኔ አስቀመጠቻት።

ሁለት ወር ሙሉ ምንም ለውጥ ካላየሁስ?

በመጀመሪያ ልጁ ሰሌዳው ይታየው እንደሆነ፣ ከኋላው ሲጠሩትም ይሰማ እንደሆነ ያረጋግጡ። ደብተሩን ወደ ዓይኑ በጣም የሚያስጠጋ ወይም ሁልጊዜ አንድ ጎን ጆሮውን የሚያዞር ልጅ ካለ፣ ወላጁ ጤና ጣቢያ ወስዶ እንዲያስመረምረው ይንገሩ። ዓይኑና ጆሮው ደህና ሆኖ፣ በየዕለቱ እየመጣ፣ የትናንቱን ፊደል ዛሬ እንደ አዲስ የሚያይ ከሆነ ከእርስዎ አቅም በላይ የሆነ የመማር እክል ሊኖረው ይችላል። ያን ጊዜ በቀዳዳዋ ወረቀትና በአራቱ ጥያቄዎች የመዘገቡትን ይዘው ከወላጁ ጋር ወደ ክፍል መምህሩ ይሂዱ፤ ክፍያ መቀበልዎን ከመቀጠልዎ በፊትም ለወላጁ እውነቱን ይንገሩ።